የሰውነት ሙቀት ከንጋት በፊት የሚቀንስበትና አመሻሽ ላይ የሚጨምርበት ምክንያት፤ ሙቀት የሚለካበት ሰዓት አመራረጥ

በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት የሰውነት ሙቀት በየመሥሪያ ቤቱ በር፣ በየኬላው፣ በለይቶ ማቆያ ማዕከላትና ከታማሚ ጋር ንክኪ በነበራቸው ሰዎች ቤት በየዕለቱ ይለካ ነበር። ውጤቱን የሚቀበል ሰው ሁልጊዜ የሚጠይቀው «ስንት ሆነ?» ብሎ ነው። «በስንት ሰዓት ተለካ?» የሚለው ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነሣም። ሆኖም 36.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሲመዘገብና ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ሲመዘገብ፣ ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ትርጉሙ አንድ አይደለም። ይህ የመመሪያው ክፍል የዚህን ልዩነት ምክንያትና በንክኪ ክትትል ሥራ ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ ያብራራል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ሰዓቶች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የቀንና የሌሊት ልዩነት መጠን

የጤናማ ሰው ሙቀት 37 ዲግሪ ነው የሚለው ልማድ የመጣው ካርል ቩንደርሊክ ከተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሥራ ነው። ይህ ሐኪም በላይፕሲግ ከተማ ወደ 25,000 ከሚጠጉ ሰዎች ብብት በወሰደው ልኬት ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1868 መጽሐፉን አሳተመ። ከመጽሐፉ በሕዝብ ዘንድ የቀረው 37 የሚለው ቁጥር ብቻ ይሁን እንጂ፣ ቩንደርሊክ ራሱ የሰውነት ሙቀት በሌሊቱ መጨረሻ ዝቅ፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ከፍ እንደሚል በግልጽ ጽፎ ነበር። የተረሳው ይህ ሁለተኛው ግኝት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ጉዳዩን እንደገና መረመረ። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 40 ዓመት የሆኑ 148 ጤናማ ሰዎች በቀን በተለያዩ ሰዓቶች ሙቀታቸው በአፍ ተለካ። አማካዩ 36.8 ዲግሪ ሆነ። ዝቅተኛው ልኬት የተገኘው ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ከፍተኛው ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ 0.5 ዲግሪ ነው። ለእኛ ሥራ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን የጤናማ ሰው ሙቀት የላይኛው ወሰን በሰዓት የሚለያይ መሆኑ ነው። ማለዳ ላይ ወሰኑ 37.2 ዲግሪ ሲሆን፣ ከቀትር በኋላ 37.7 ዲግሪ ይደርሳል። በዚህ መሠረት 37.5 ዲግሪ አመሻሽ ላይ በጤናማ ሰው ዘንድ ሊታይ የሚችል ቁጥር ነው፤ ማለዳ ላይ ከታየ ግን በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

እነዚህ ቁጥሮች በአፍ የተወሰዱ መሆናቸውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በብብት የሚወሰድ ልኬት ከዚህ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የክትትል ሥራ በብብት ከተጀመረ እስከ መጨረሻው በብብት ይቀጥል። አንድ ቀን በብብት፣ በማግሥቱ በግንባር እየለኩ የሁለቱን ቀናት ውጤት ማነጻጸር የምንፈልገውን የግማሽ ዲግሪ ልዩነት ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል።

ምክንያቱ

ብዙ ሰው ሙቀት በቀን የሚጨምረው ስለምንሠራ፣ ስለምንመገብና ፀሐይ ስለሚያገኘን፣ በሌሊት የሚቀንሰው ደግሞ ስለምንተኛ ነው ብሎ ያምናል። ሥራና ምግብ የራሳቸው ድርሻ ቢኖራቸውም ዋናው ምክንያት እነርሱ አይደሉም። ተመራማሪዎች ይህንን ለመለየት ፈቃደኛ ሰዎችን ብርሃኑ በማይለዋወጥ ደብዛዛ ክፍል ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ በአልጋ ላይ አቆይተው፣ እንዳይተኙ አድርገው፣ ምግባቸውን በእኩል መጠን ከፋፍለው በየጊዜው እየሰጡ ሙቀታቸውን ለክተዋል። ሥራ፣ እንቅልፍ፣ የምግብ ሰዓትና ፀሐይ ሁሉም በሌሉበት ሁኔታ እንኳ ሙቀታቸው ሌሊቱ ሊያልቅ ሲል ወርዶ አመሻሽ ላይ ወጥቷል። የሚያዝዘው ከውስጥ ነው ማለት ነው።

የሚያዝዘው ክፍል የሚገኘው በአንጎል ሥር ባለው ሃይፖታላመስ ውስጥ ነው። ከዓይን የሚመጡ ነርቮች ከሚገናኙበት ቦታ በላይ የተቀመጡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነርቮች 24 ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ዑደት በራሳቸው ያካሂዳሉ። እነዚህ ነርቮች የሰውነት ሰዓት ይባላሉ። በዓይን በኩል የሚገባው የቀን ብርሃን በየዕለቱ ይህን ሰዓት ከውጭው ዓለም ጋር ያስተካክለዋል። ሙቀትን የሚቆጣጠረውም ክፍል በዚያው በሃይፖታላመስ ውስጥ ስለሚገኝ የሰውነት ሰዓት ትእዛዝ በቀላሉ ይደርሰዋል።

ትእዛዙ የሚፈጸመው በአብዛኛው በቆዳ የደም ሥሮች አማካይነት ነው። ሲመሽ ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን በደም ውስጥ ይጨምራል፤ የእጅና የእግር ቆዳ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ከመሐል ሰውነት የሚመጣው ሞቃት ደም ወደ ቆዳ ይጎርፍና ሙቀቱን ወደ ውጭ ይለቃል። እንቅልፍ ሊወስደን ሲል እጅና እግራችን ሞቅ የሚለው ስለዚህ ነው። ቆዳው ሞቀ ማለት ውስጡ ሞቀ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ውስጡ መቀዝቀዝ የጀመረው በዚያች ሰዓት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሰውነት ከሚያመነጨው የበለጠ ሙቀት ስለሚለቅ የመሐል ሰውነት ሙቀት ቀስ በቀስ እየወረደ ይሄዳል። በማታ ተኝቶ በማለዳ በሚነሣ ሰው ዘንድ ከሌሊቱ 10 እስከ 11 ሰዓት ገደማ፣ ማለትም ከመንቃቱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ፣ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል።

ከዚያ በኋላ አካሄዱ ይገለበጣል። ገና ዓይናችንን ሳንገልጥ የቆዳ የደም ሥሮች መጥበብ ይጀምራሉ፤ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞንም ይጨምራል፤ ሰውነት ሙቀትን ከመልቀቅ ይልቅ ማጠራቀም ይጀምራል። እስከ ረፋዱ ድረስ ጭማሪው ፈጣን ነው። ቀትር ካለፈ በኋላ ረጋ ብሎ ይቀጥልና ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ጫፍ ላይ ይደርሳል። የአገራችን የሰዓት አቆጣጠር ከንጋት መጀመሩ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ዝቅተኛው ሙቀት ከንጋቱ 12 ሰዓት ትንሽ ቀድሞ፣ ከፍተኛው ደግሞ በምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ስለሚውል፣ ለማስታወስ የሚከብድ አይደለም።

ትኩሳት ሲመጣስ? ቫይረስ ወይም ሌላ ተሐዋሲ ሲገባ የመከላከያ ሥርዓታችን የሚያመነጫቸው ንጥረ ነገሮች ሃይፖታላመስ የሚጠብቀውን የሙቀት ደረጃ ከፍ ያደርጉታል። ነገር ግን የሰውነት ሰዓት በዚህ ምክንያት ሥራውን አያቆምም። ትኩሳቱ በዕለታዊው ዑደት ላይ ይደረብና ሁለቱ ተያይዘው ይወጣሉ፤ ተያይዘው ይወርዳሉ። «ማታ ማታ ይብስበታል» የሚለው የቤተሰብ አነጋገር መሠረት ያለው ምልከታ ነው። የዚያኑ ያህል አሳሳች የሆነው ደግሞ የማግሥቱ ጠዋት «ለቀቀው፤ ድኗል» የሚለው ነው። በማለዳ የታየው ቅናሽ በከፊል የሰውነት ሰዓት ያመጣው ስለሆነ ብቻውን የመዳን ምልክት ሆኖ ሊመዘገብ አይገባም።

አንድ የክትትል ምሳሌ

ከዚህ በታች ያለው ምሳሌ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። አንዲት የ34 ዓመት መምህርት በምርመራ ከተረጋገጠ ታማሚ ጋር ንክኪ ስለነበራቸው ለ14 ቀናት በቤታቸው ተለይተው እንዲቆዩ ተደረገ። ሙቀታቸውን በዲጂታል ቴርሞሜትር በብብታቸው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓትና ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይለካሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በስልክ እየጠየቁ ይመዘግባሉ።

በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት የጠዋቱ ልኬት 36.2፣ 36.3፣ 36.1 እና 36.2 ሆነ። የምሽቱ ደግሞ 36.7፣ 36.8፣ 36.6 እና 36.7 ሆነ። እነዚህ ስምንት ቁጥሮች የመምህርቷ መነሻ ናቸው፤ ጠዋት 36.2፣ ምሽት 36.7። ልዩነታቸው ግማሽ ዲግሪ ስለሆነ የተለመደ ነው።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት 36.8 ተመዘገበ። ቁጥሩን ብቻውን ለሚያይ ሰው ምንም የሚያጠራጥር ነገር የለውም፤ መምህርቷ ባለፉት ቀናት ምሽት ላይ ያዩት ቁጥር ነው። ሆኖም የጠዋት ቁጥር ከጠዋት ቁጥር ጋር ሲነጻጸር 0.6 ዲግሪ ጨምሯል። በዚያው ዕለት ምሽት 37.4 ሆነ፤ ይህም ከራሳቸው የምሽት መነሻ 0.7 ዲግሪ ይበልጣል። ሁለቱም ልኬቶች ለትኩሳት ከተቀመጠው 38 ዲግሪ በታች ናቸው። ሁለቱም ግን በአንድ አቅጣጫ፣ በተቀራራቢ መጠን ከፍ ብለዋል። ባለሙያዋ ሌሎች ምልክቶችን ሲጠይቁ መምህርቷ ከቀትር ጀምሮ ጉሮሯቸውን እንደሚከረክራቸውና ድካም እንደሚሰማቸው ተናገሩ። ለናሙና ወሳጁ ቡድን ማሳወቅ ያለባቸው በዚህች ምሽት ነው።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት 37.2፣ ምሽት 38.1 ሆነ። በሰባተኛው ቀን ጠዋት 37.3፣ ምሽት 38.3። አሁን ከዚህ ሁሉ የምሽቱን ልኬት እናውጣና የጠዋቱን ብቻ በተርታ እንመልከት፤ 36.2፣ 36.3፣ 36.1፣ 36.2፣ 36.8፣ 37.2፣ 37.3። ክትትሉ በጠዋት ጉብኝት ብቻ ቢካሄድ ኖሮ ከሰባት ቀናት በኋላ በቅጹ ላይ 38 የደረሰ አንድም ቁጥር አይገኝም ነበር። ቅጹ «ትኩሳት የለም» ይል ነበር፤ የተጻፈውም ቁጥር ሐሰት አይሆንም።

የዚህ ተቃራኒም ያጋጥማል። በዚያው ቤት የሚኖሩት የመምህርቷ ወንድም ጠዋት 36.7፣ ምሽት 37.3 በየቀኑ ይመዘገብላቸዋል እንበል። ምሽቱን ቴርሞሜትሩን ባዩ ቁጥር ይደነግጣሉ። የእርሳቸው ቁጥር ግን ከቀን ወደ ቀን አልተለወጠም፤ የጠዋትና የምሽቱም ልዩነት 0.6 ዲግሪ ብቻ ነው። ሌላ ምልክት እስካልታየ ድረስ ይህ የእርሳቸው የተለመደ ሙቀት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ገደብ መጠቀስ አለበት። በወር አበባ ዑደት ውስጥ እንቁላል ከወጣ በኋላ የሴቶች ሙቀት ከ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ይጨምርና እስከሚቀጥለው የወር አበባ ድረስ ባለበት ይቆያል። ስለዚህ የግማሽ ዲግሪ ጭማሪ ብቻውን ሕመም መኖሩን አያረጋግጥም። የሚለየው ቀጣዩ ቀን ነው፤ የዑደቱ ጭማሪ በዚያው መጠን ይረጋል፤ የትኩሳቱ ግን እንደ መምህርቷ መውጣቱን ይቀጥላል። ያም ሆኖ ቀጣዩን ቀን ለመጠበቅ ሲባል ሌሎች ምልክቶችን ከመጠየቅ መዘግየት ተገቢ አይደለም።

በስንት ሰዓት ይለካ?

ንክኪ ለነበራቸው ሰዎች ክትትል በቀን ሁለት ቋሚ ሰዓቶች ይመረጡ። አንደኛው ከእንቅልፍ ከተነሡ በኋላ፣ ቁርስና ሥራ ሳይጀመር ይሁን። ሁለተኛው ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሁን። ሰዓቱ አንዴ ከተመረጠ በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ ባይዛባ ይመረጣል፤ በተለይ ሙቀት በፍጥነት በሚጨምርበት በጠዋቱ ክፍል ዛሬ 12 ሰዓት፣ ነገ 3 ሰዓት ላይ የሚወሰድ ልኬት እርስ በርሱ ሊነጻጸር አይችልም። በአንድ ልኬት ብቻ መወሰን ግድ ከሆነ የምሽቱ ይመረጥ፤ ትኩሳት ያለበትን ሰው የማግኘት ዕድሉ የሚሰፋው በዚያን ሰዓት ነውና። የ38 ዲግሪ መስፈርት በየትኛውም ሰዓት እንዳለ ይጸናል፤ የሰዓቱ ዕውቀት የሚያገለግለው ከዚያ በታች ያሉትን ቁጥሮች ለማንበብ ነው።

ፓራሲታሞል የወሰደ ሰው ሙቀቱ ለአራት እስከ ስድስት ሰዓት ያህል ሊወርድ ስለሚችል፣ ልኬቱ ከመድኃኒቱ በፊት ይደረግ፤ ተወስዶ ከሆነም የተወሰደበት ሰዓት ከቁጥሩ ጎን ይጻፍ። አቀበት ወጥቶ ወይም ሸክም ተሸክሞ የመጣ ሰው ለግማሽ ሰዓት ያህል ጥላ ሥር አርፎ ይለካ።

በወረርሽኙ ወቅት በመሥሪያ ቤቶችና በትምህርት ቤቶች በር ላይ ይደረግ የነበረው ልኬት ከዚህ ይለያል። ይህ ልኬት ይካሄድ የነበረው በአብዛኛው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ሙቀት ገና ከዝቅተኛው ደረጃ እየወጣ ባለበት ጊዜ ነበር። በዚያ ላይ ንክኪ አልባው መለኪያ የሚያነበው የግንባርን ቆዳ ነው። እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ደጋ ከተሞች ብርዱ የግንባርን ቆዳ ስለሚያቀዘቅዘው ቁጥሩ የበለጠ ይወርዳል። በመሆኑም በጠዋት በር ላይ «አልፏል» የተባለ ሰው ትኩሳት የለውም ተብሎ ሊደመደም አይችልም። ከሰዓት በኋላ ሠራተኞች ከምሳ ሲመለሱ ልኬቱን መድገም፣ ከዚያም ይልቅ በር ላይ «ትናንት ማታ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ነበረዎት?» ብሎ መጠየቅ የጎደለውን በከፊል ይሞላል። በእኛ እምነት ይህች ጥያቄ ከጠዋቱ ቁጥር የማታንስ መረጃ ትሰጣለች።

በጤና ጣቢያም ጉዳዩ ተመሳሳይ ነው። ተገልጋዮች ወረፋ ለመያዝ በማለዳ ስለሚመጡ ብዙዎቹ የሚለኩት ሙቀታቸው ዝቅ ባለበት ሰዓት ነው። ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያደረ ሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ 37.1 ሊያሳይ ይችላል። የወባ ሥርጭት ባለባቸው አካባቢዎች ባለሙያዎች ባለፉት ሁለት ቀናት ትኩሳት እንደነበረ መጠየቅን ለምደዋል፤ ለኮቪድ-19ም ይኸው ልማድ ይሥራ። በበሽታው ተይዘው ምንም ትኩሳት የማያሳዩ ሰዎች መኖራቸውም አይዘንጋ።

የሌሊት ተረኞች፣ ማለትም የጥበቃ ሠራተኞች፣ ነርሶችና አሽከርካሪዎች፣ የተለየ ትኩረት ይሻሉ። በጥቂት ሌሊቶች ተረኝነት የሰውነት ሰዓት አይገለበጥም፤ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የሚያዩት የቀን ብርሃን ወደ ቀድሞው ቦታ ይመልሰዋል። ስለዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነቅተውና እየሠሩ እያሉም ሙቀታቸው ዝቅ ያለ ነው። ለእነርሱ የሚመከረው በተረኝነቱ መጨረሻ ሳይሆን ቀን ተኝተው ከተነሡ በኋላ፣ ወደ ሥራ ከመሄዳቸው በፊት አመሻሽ ላይ መለካት ነው።

የሰዓቱ አመዘጋገብ

በክትትል ቅጾች ላይ በተደጋጋሚ የሚታይ አንድ ጉድለት አለ። ሰዓቱ «10፡00» ተብሎ ብቻ ይጻፋል። ይህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ከቀኑ 10 ሰዓትም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ሙቀት እጅግ ዝቅ የሚልበት፣ ሁለተኛው ደግሞ ወደ ጫፉ የሚደርስበት ሰዓት ነው። ጸሐፊው የተጠቀመው በስልኩ ላይ ያለውን የአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሆነ ደግሞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ማለት ይሆናል። በአንድ ቁጥር ሦስት የተለያዩ ሰዓቶች ሊነበቡ ስለሚችሉ፣ ከሰዓቱ ፊት «ከሌሊቱ»፣ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ» ወይም «ከምሽቱ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ይጻፍ። ልኬቶችን በማስታወሻቸው የሚይዙ ቴርሞሜትሮችም ሰዓታቸው በየትኛው አቆጣጠር እንደተሞላ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይጣራ። የጠዋትና የምሽት ልኬቶች በቅጹ ላይ በሁለት የተለያዩ ዐምዶች ቢሰፍሩ የጠዋቱን ከጠዋቱ፣ የምሽቱን ከምሽቱ ጋር ቁልቁል ለማንበብ ያመቻል።

በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ስንከታተል ሁለት ነገሮች ይለያሉ። መነሻ ሙቀታቸው ከወጣቶች ዝቅ ይላል፤ በጠዋትና በምሽት መካከል ያለውም ልዩነት ይጠባል። በዚህ ምክንያት የ75 ዓመት አዛውንት መነሻቸው ጠዋት 35.9፣ ምሽት 36.2 ሆኖ ቆይቶ አንድ ምሽት 37.3 ቢያሳዩ፣ ለመምህርቷ ወንድም የተለመደ የነበረው ቁጥር ለእርሳቸው ከአንድ ዲግሪ በላይ ጭማሪ ነው፤ በዚያው ምሽት ለጤና ባለሙያ ሊነገር ይገባል። አራስ ሕፃናት ደግሞ ይህ የቀንና የሌሊት ዑደት ገና አልተመሠረተላቸውም፤ የሚዳብረው በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ውስጥ ነው። ስለዚህ አራስ ሕፃን በየትኛውም ሰዓት ቢለካ፣ 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ከ36.5 ዲግሪ ከወረደ፣ የሚቀጥለው ልኬት ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።